ምዕራፍ 6፦ ተቆርጧል፣ አልገባም

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 12፡47 ነው እንበል። አንዲት የልብስ ሱቅ ባለቤት የሱቋን ኪራይ 8,500 ብር ከስልኳ ላከች። የእሷ ሂሳብ ያለው በአንድ ባንክ፣ የአከራይዋ በሌላ ባንክ ነው። ገንዘቡ ከሂሳቧ እንደተቀነሰ የሚገልጽ አጭር መልእክት ስልኳን ወደ ኪሷ ሳትመልስ ደረሳት። ከአንድ ሰዓት በኋላ አከራይዋ ደወሉ።

«የኔ ልጅ፣ እስካሁን አልገባም እኮ።»

«ጋሼ፣ ከእኔ ላይ ተቆርጧል። መልእክቱን ልላክልዎት?»

እንዲህ ዓይነት ጭውውት ብዙ ጊዜ ወደ ቅያሜ ይሄዳል። አንደኛው ወገን የተዋሸ ይመስለዋል፣ ሌላው ደግሞ ከፍሎ እንዳልከፈለ መቆጠሩ ያንገበግበዋል። ሁለቱም ግን ያዩትን ነው የተናገሩት። አንድ ገንዘብ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ያልገባበት ጊዜ በእርግጥ አለ። ያ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከሰከንዶች አያልፍም፤ አንዳንዴ ግን ሦስት ቀን ይፈጃል።

ሁለት ደብተር፣ አንድ መልእክተኛ

በምዕራፍ 3 እንዳየነው በባንክ ያለ ገንዘብ በስማችን ተለይቶ በካዝና የተቀመጠ ብር አይደለም። ባንኩ ይህን ያህል ዕዳ አለብኝ ብሎ በመዝገቡ ላይ የጻፈው ቁጥር ነው። ስለዚህ «ገንዘብ ላክሁ» ስንል የሚሆነው ነገር ሁለት ጽሑፍ ነው፦ ከአንዱ ስም ላይ መቀነስ፣ በሌላው ስም ላይ መደመር።

ላኪና ተቀባይ የአንድ ባንክ ደንበኞች ከሆኑ ሁለቱ ጽሑፎች በአንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። ስለ ዳታቤዝ ባወራንበት በምዕራፍ 4 እንደተመለከተው፣ የባንኩ ኮምፒውተር ሁለቱን እንደ አንድ ሥራ ይይዛቸዋል። ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ወይ አንዱም አይጻፍም። በመቀነሱና በመደመሩ መካከል መብራት ቢጠፋ እንኳ፣ ሲስተሙ ሲነሳ የተጀመረውን ይሰርዘዋል። በአንድ ባንክ ውስጥ በሚደረግ ዝውውር «ተቆርጧል፣ አልገባም» የሚባለው ቅሬታ ብዙም የማይሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ባንኮች ሲሆኑ ግን ሁለት መዝገብ አለ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚጽፍ እጅ ደግሞ የለም።

የደንበኞቻቸውን ገንዘብ በአደራ የሚይዙ ሁለት ነጋዴዎችን እናስብ፦ አንዱ መርካቶ፣ ሌላው ደሴ። ስልክ የላቸውም፤ የሚገናኙት በአውቶቡስ ረዳት በኩል በሚልኩት ወረቀት ብቻ ነው። የመርካቶው ደንበኛ መጥቶ «ከእኔ ላይ 8,500 ብር ቀንስና ደሴ ላለው ወንድሜ ይጻፍለት» ይላል። ነጋዴው ከደብተሩ ይቀንሳል፤ ወረቀት ጽፎ ለረዳቱ ይሰጣል። የደሴው ነጋዴ ወረቀቱ ሲደርሰው በደብተሩ ላይ ይደምርና «ጽፌያለሁ» የሚል መልስ ይልካል።

መልሱ ባይመጣስ? ምናልባት የመጀመሪያው ወረቀት ደብረ ብርሃን ላይ ጠፍቶ ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ ወንድምየው ምንም አልተጻፈለትም። ምናልባትም ወረቀቱ ደርሶ፣ ተጽፎ፣ የጠፋው በመመለስ ላይ ያለው መልስ ነው፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ ገብቷል። ለመርካቶው ነጋዴ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። በሁለቱም የሚያየው ባዶ እጁን የመጣ ረዳት ነው።

ይህ ችግር በኮምፒውተር ሳይንስ የታወቀ ነው። የዳታቤዝ ሊቁ ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1978 በጻፈው ጽሑፍ «የሁለቱ ጄኔራሎች ችግር» የሚል ስም ሰጥቶታል። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ መልእክት ሊጠፋ በሚችልበት መንገድ ላይ፣ ምንም ያህል ማረጋገጫ ቢመላለስ ሁለቱ ወገኖች «ተስማምተናል» ብለው መቶ በመቶ እርግጠኛ ሊሆኑ አይችሉም። የመጨረሻው ማረጋገጫ ራሱ መድረሱን ማን ያረጋግጣል? ፈጣን መስመርና ጥሩ ማሽን ችግሩ የሚከሰትበትን ጊዜ ያሳንሱታል እንጂ አያጠፉትም።

ለምን መቁረጡ ይቀድማል?

አንዳንድ ሰው «ቢያንስ መጀመሪያ ለተቀባዩ አስገብተው ከዚያ ከእኔ ቢቆርጡስ?» ይላል። ሐሳቡ ለላኪ ያደላል፤ ለባንኩ ግን አደጋ ነው። የተቀባዩ ባንክ 8,500 ብር አስገባ እንበል። ከሱቅ ባለቤቷ ሂሳብ ለመቁረጥ ሲመጣ ያው ገንዘብ በኤቲኤም ወጥቶ ቢገኝ፣ አከራዩ የተቀበሉት ገንዘብ ከየትም ያልመጣ ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይቀየርም። መጀመሪያ ከላኪው ይቀነሳል፣ ቀጥሎ ለተቀባዩ ይጻፋል።

በዚህ መሃል የተቆረጠው ገንዘብ የት ነው? በላኪዋ ባንክ ውስጥ። ባንኩ ከእሷ ሂሳብ በቀነሰበት ቅጽበት ያንኑ 8,500 ብር በራሱ የውስጥ ሂሳብ ላይ ይጽፈዋል። የባንክ ሰዎች ሰስፔንስ ይሉታል፤ ያልተቋጨ ጉዳይ የሚቆይበት ተንጠልጣይ ሂሳብ ማለት ነው። ገንዘቡ የእሷ መሆኑ ቀርቷል፣ የአከራይዋ ግን ገና አልሆነም። በሽቦ ወይም በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ብር የለም።

ለሱቅ ባለቤቷ የደረሳት መልእክትም የተላከው ከዚህ ቅጽበት በኋላ ነው። ባንኩ የነገራት ስለ ራሱ መዝገብ ነው። «ከሂሳብዎ ተቀንሷል» ማለት «ለተቀባዩ ደርሷል» ማለት አይደለም፤ መልእክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ለይተው አለመናገራቸው ግን የባንኮቹ ጥፋት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ብዙ ቅያሜ ያስቀር ነበር።

ከስልክ እስከ ስልክ

አሁን የዚያችን ዓርብ ምሽት ጉዞ ቀረብ ብለን እንከተለው። በኢትዮጵያ የተለያዩ ባንኮችን ደንበኞች የሚያገናኘው መካከለኛ ኢትስዊች ይባላል፤ ባንኮቹና ብሔራዊ ባንክ በአክሲዮን የያዙት ድርጅት ነው። በምሳሌያችን የአውቶቡሱን ረዳት ቦታ የሚይዘው እሱ ነው።

ሴትየዋ የአከራይዋን ሂሳብ ቁጥር ስታስገባ ስማቸው ስክሪኑ ላይ ወጣ። ብዙ ሰው በኋላ የሚሟገተው በዚህ ነው፦ «ስሙ መጥቶ ነበር እኮ! ታዲያ ኔትወርክ የለም እንዴት ይባላል?» ስሙን ያመጣው ጥያቄ ግን ገንዘቡን ከሚያንቀሳቅሰው ጥያቄ የተለየ ነው። የመጀመሪያው የተቀባዩን ባንክ «ይህ ቁጥር የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ምንም አይጽፍም። መስመሩ በዚያ ሰከንድ መሥራቱ ከሃያ ሰከንድ በኋላም ለመሥራቱ ዋስትና አይሆንም።

የምስጢር ቁጥሯን ስታስገባ የእሷ ባንክ ቀሪ ሂሳቧን አየ፣ 8,500 ብሩንና የአገልግሎት ክፍያውን ቀነሰ፣ ለዝውውሩም መለያ ቁጥር ሰጠው። `FT25115K7M2Q` ነው እንበል። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተደረደረ አይደለም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ጨምሮ ቲ24 የተባለውን የባንክ ሶፍትዌር በሚጠቀሙ ባንኮች `FT` የገንዘብ ዝውውር ምልክት ነው። `25` እ.ኤ.አ. 2025ን፣ `115` የዓመቱን 115ኛ ቀን ያመለክታሉ፤ ያም ኤፕሪል 25፣ በእኛ ሚያዝያ 17 ነው። የመጨረሻዎቹ አምስት ምልክቶች ዝውውሩን በዚያ ቀን ከተደረጉት ሌሎች ሁሉ ይለዩታል። ደረሰኙን ከፊቱ የያዘ ሰው ዝውውሩ የተመዘገበበትን ቀን ከቁጥሩ ብቻ ማንበብ ይችላል።

ከዚያ ጥያቄው ወደ ኢትስዊች፣ ከኢትስዊች ወደ አከራዩ ባንክ ያመራል። የአከራዩ ባንክ በሂሳባቸው ላይ ይደምራል፣ «ተሳክቷል» የሚል መልስ በመጣበት መንገድ ይመልሳል። አራት ጉዞ ማለት ነው፦ ሁለት በመሄድ፣ ሁለት በመመለስ። ሁሉም ነገር ደህና ከሆነ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል።

በዚያ ምሽት ደህና አልነበረም። የአከራዩ ባንክ ሲስተም በሥራ ብዛት ተጨናንቆ ጥያቄውን ወረፋ ላይ አስቀመጠው። የመጠበቂያው ጊዜ፣ 30 ሰከንድ ነው ብንል፣ አለፈ። የላኪዋ ባንክ የሰማው ዝምታ ብቻ ነው።

«እምቢ» እና ዝምታ

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ግልጽ እምቢታ ለባንክ ችግር አይደለም። ብዙ የክፍያ መካከለኞች አይኤስኦ 8583 በተባለ ዓለም አቀፍ የመልእክት ደንብ ይነጋገራሉ። በዚህ ደንብ እያንዳንዱ መልስ ባለ ሁለት አኃዝ ኮድ ይዞ ይመጣል፦ `00` ተሳክቷል፣ `14` ቁጥሩ ትክክል አይደለም፣ `51` በቂ ገንዘብ የለም፣ `91` የሚመለከተው ባንክ ሲስተም አይሠራም። `14` የመጣለት ባንክ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ለተቀባዩ ምንም አልተጻፈምና የተቆረጠውን ወዲያው ይመልሳል። ደንበኛው መቆረጡንና መመለሱን የሚነግሩ ሁለት መልእክቶች ተከታትለው ይደርሱታል።

ያለ ኮድ የቀረው ነው አስቸጋሪው። ጥያቄው ወደ ኢትስዊች ሲሄድ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። የአከራዩ ባንክ ደርሶት ሳይጽፈው ቀርቶም ይሆናል። ወይም ባንኩ ጽፎ፣ መልሱ በመንገድ ቀርቷል። አራተኛም አለ፦ መልሱ ይመጣል፣ ግን ዘግይቶ። 30 ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ ለቆረጠው ባንክ በ40ኛው ሰከንድ «ጽፌያለሁ» የሚል መልስ ሲደርስ ነገሩ ይባስ ይወሳሰባል፤ ለዚህም `68` የሚባል የራሱ ኮድ አለው።

ታዲያ ለምን ወዲያው አይመለስም?

ዝምታ ሲሰማ ገንዘቡን ለላኪው መመለስ ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ግን የጠፋው የመልሱ ጉዞ ከነበረ አከራዩ 8,500 ብር አላቸው፣ ሴትየዋም 8,500 ብሯ ተመልሶላታል። ጉድለቱን የሚሸከመው ባንኩ ነው። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ባንክ ገንዘቡን በተንጠልጣዩ ሂሳብ አቆይቶ የሚጠብቀው። ለደንበኛው ያናድዳል፤ ያም ሆኖ ባለማወቅ ከተሠራ ማስተካከያ ይሻላል።

መሃለኛ መንገድም አለ። የላኪው ባንክ ወይም መካከለኛው ስዊች «ያንን ዝውውር ጽፈኸው ከሆነ ሰርዘው» የሚል የመሻሪያ መልእክት ይልካል፤ የባንክ ሰዎች ሪቨርሳል ይሉታል፣ በአይኤስኦ 8583 ቁጥሩ `0420` ነው። ይህም መልእክት እንደሌላው ሊጠፋ ይችላልና፣ `0430` የሚል ማረጋገጫ እስኪመጣ ድረስ ተቀምጦ በተደጋጋሚ ይላካል። መደጋገሙ የማይጎዳው መለያ ቁጥሩ ስለማይቀየር ነው። የተቀባዩ ባንክ ያንኑ ቁጥር ለሁለተኛ ጊዜ ሲያይ «ይህንን ጨርሻለሁ» ብሎ ያልፈዋል።

ሰው ግን እንደዚህ አይደጋግምም። ሴትየዋ በአከራይዋ ፊት ላለማፈር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እንደገና 8,500 ብር ብትልክ፣ ሁለተኛው ዝውውር አዲስ `FT` ቁጥር ይወጣለታል። ለሲስተሙ ይህ ፍጹም ሌላ ክፍያ ነው። ወረፋ ላይ የቀረው የመጀመሪያው በኋላ ቢጻፍ አከራዩ 17,000 ብር ያገኛሉ። ያኔ ገንዘቡ በትክክል ስለደረሰ ባንክ በራሱ ሥልጣን አይመልሰውም። የአከራዩ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የማግስቱ ማስታረቅ

በቅጽበት ያልተፈታውን የሚፈታው ሂሳብ ማስታረቅ የሚባለው ሥራ ነው። ቀኑ ሲዘጋ ስዊቹ ያስተላለፋቸውን ዝውውሮች ዝርዝር ለባንኮቹ ያደርሳል። እያንዳንዱ ባንክ ዝርዝሩን ከራሱ መዝገብ ጋር መስመር በመስመር ያነጻጽራል። መርካቶና ደሴ ያሉት ነጋዴዎች ደብተራቸውን ይዘው አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ እንደማለት ነው። በላኪዋ ባንክ ተቆርጦ በስዊቹ ዝርዝር ላይ የሌለ ዝውውር ይመለሳል። በስዊቹ «ተሳክቷል» ተብሎ ተቀባዩ ዘንድ ያልተጻፈ ደግሞ የተቀባዩ ባንክ ሊያስገባው ይገባል። የሚገጣጠሙትን ኮምፒውተር ለብቻው ያልፋቸዋል፤ ያልተገጣጠሙት በሠራተኛ እጅ ይታያሉ።

አንዱ ባንክ ለሌላው የሚከፍለው እውነተኛ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰውም ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ ባንክ በቀኑ 60 ሚሊዮን ልኮ 52 ሚሊዮን ከተላከለት፣ ልዩነቱ 8 ሚሊዮን በብሔራዊ ባንክ ካለው ሂሳቡ ይወራረዳል። አከራዩ በሰከንዶች «ገባ» የሚል መልእክት በሚያገኙበት ቀን እንኳ ባንካቸው ገንዘቡን ገና አልተቀበለም። አምኖ አስቀድሞ ጻፈላቸው እንጂ።

ዓርብ ማታ የተንጠለጠለ ዝውውር ታዲያ ዕድሉ መጥፎ ነው። የሠራተኛ እጅ የሚፈልገው ክፍል ቅዳሜና እሑድን አልፎ ሰኞ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በምሳሌያችን የአከራዩ ባንክ ወረፋ ላይ ያስቀመጠውን ጥያቄ ሳይጽፈው ጥሎታል፤ ሰኞ ረፋድ ላይ ሁለቱ ዝርዝሮች ሲነጻጸሩ ይህ ታየ። 8,500 ብሩ በዚያው በ`FT25115K7M2Q` ስም ወደ ሴትየዋ ሂሳብ ተመለሰ። ኪራዩን እንደገና የላከችው ከዚያ በኋላ ነው።

መዘግየት ዋጋ ሲኖረው

ችግሩን ከሥሩ መንቀል ባይቻልም፣ ስንት ቀን እንዲቆይ እንደሚፈቀድለት መወሰን ግን ይቻላል። የሕንድ ሪዘርቭ ባንክ ይህን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2019 ባወጣው መመሪያ አድርጓል። ዩፒአይ በተባለው የአገሪቱ ፈጣን የክፍያ ሥርዓት ከላኪ ተቆርጦ ለተቀባዩ ግለሰብ ያልገባ ገንዘብ ቢበዛ በማግስቱ መመለስ አለበት። ከዚያ ካለፈ ባንኩ ለእያንዳንዱ ቀን 100 ሩፒ ለደንበኛው ይከፍላል። ደንበኛው አቤት እስኪል መጠበቅም የለበትም።

የዚህ መመሪያ ብልሃት የመዘግየቱን ወጪ ማጣራት ለሚችለው ወገን መስጠቱ ነው። ደንበኛው የሁለቱን ባንኮች መዝገብ ማየት አይችልም። ባንኮቹ ግን ይችላሉ። ያለ ቅጣት ተንጠልጣይ ሂሳብ ውስጥ የሚተኛ ገንዘብ ባንኩን ምንም አያስቸኩለውም።

እስከዚያው

ተቆርጦ ያልገባበት ሰው መጀመሪያ ማጣራት ያለበት በእርግጥ አለመግባቱን ነው። የዘገየው የተቀባዩ አጭር መልእክት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ተቀባዩ መተግበሪያውን ከፍቶ ወይም ቅርንጫፍ ሄዶ የሂሳቡን እንቅስቃሴ ይመልከት። የሂሳብ ቁጥሩም ይታይ። በስህተት ለሌላ ሰው የሄደ ገንዘብ የተንጠለጠለ አይደለም፣ ደርሷል፤ መፍትሔውም ሌላ ነው።

ነጋዴዎች ደግሞ በላኪው ስልክ ላይ ያለውን መልእክት ወይም ፎቶውን አይተው ዕቃ ባያስረክቡ ይሻላል። መልእክቱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሚመሰክረው ስለ ላኪው ባንክ መዝገብ ነው። ማየት ያለባቸው የራሳቸውን ሂሳብ ነው።

በእርግጥ ካልገባ፣ እንደገና ከመላክ በፊት የመጀመሪያው ዕጣ ይታወቅ። አቤቱታው የሚቀርበው ለላኪው ባንክ ነው፤ ገንዘቡ በተንጠልጣይ ሂሳቡ ያለው እዚያ ነውና። የተቀባዩ ባንክ ጥያቄው ጨርሶ ካልደረሰው የሚፈልገው ነገር አይኖረውም። መለያ ቁጥሩን፣ መጠኑን፣ የተላከበትን ሰዓትና የተቀባዩን ሂሳብ ቁጥር ይዘው ይሂዱ፤ ጥያቄዎንም እንዲህ ብለው ያቅርቡ፦ «ይህ ዝውውር በስዊቹ ዝርዝር ላይ ተሳክቷል ይላል ወይስ አልተሳካም?» መልሱ «ተሳክቷል» ከሆነ ማስረጃውን ተቀብለው ለተቀባዩ ይስጡት፤ እሱ ወደ ራሱ ባንክ ይዞት ይሄዳል። «አልተሳካም» ከሆነ ገንዘብዎ የሚመለስበትን ቀን በጽሑፍ ይጠይቁ።